የጥሪ ወረቀትና የግድግዳ ማስታወቂያ

አንባቢ ሆይ፤ ፊደል የቆጠረ ሰው በሠፈሩና በዘመዶቹ መካከል ሳይሾም የተሾመ ጸሐፊ ነው። የጎረቤት ልጅ ሲዳር፣ ዕድርተኛው ማመልከቻ ሲያስገባ፣ አንዱ ወዳጅ ሱቅ ሲከፍት፣ «አንተ ተምረሃል፤ እስቲ ይህችን ጻፍልኝ» ይባላል። ተማሪም ብትሆኑ፣ በመሥሪያ ቤት ገና ጀማሪ ጸሐፊም ብትሆኑ፣ ይህ ትእዛዝ አንድ ቀን ሳይደርሳችሁ አይቀርም። እኔንም ደርሶኛልና የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ይሁን።

አንድ የልጅነት ባልንጀራዬ አናጢ ነው። ሙያውን ከአባቱ ተምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጠባብ ቤት ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠራ ኖረ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሁሉ አውጥቶ፣ የጎደለውንም ተበድሮ፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ አንድ አዳራሽ ተከራየ። ነጋዴዎች ዛሬ «ሾውሩም» የሚሉት፣ ዕቃው ተደርድሮ የሚታይበትና የሚሸጥበት ቦታ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ኪራይ ከፊቱ ቆሞ ስለነበረ በመክፈቻው ቀን ሰው መምጣቱ ወይም መቅረቱ ለእርሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ታዲያ አንድ ማታ አንዲት ወረቀት ይዞ መጣና፣ «ይህን አርምልኝ፤ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ለተጋበዙትም የሚላከው፣ በግድግዳም የሚለጠፈው ይኸው ነው» አለኝ።

የመጀመሪያው ስሕተት ከዚህ ላይ ነበር። የጥሪ ወረቀትና የግድግዳ ማስታወቂያ ስለ አንድ ቀን ቢናገሩም ሥራቸው የተለያየ ነው። የጥሪ ወረቀት ስሙ ለተጻፈለት ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ያም ሰው ተቀምጦ ያነበዋል፤ ከመሳቢያው አኑሮም ቀኑ ሲደርስ እንደገና ያወጣዋል። የግድግዳ ማስታወቂያ ግን ስሙን ለማናውቀው፣ ታክሲ ለመያዝ ለሚጣደፍ መንገደኛ የተጻፈ ነው፤ ያም ሰው ቢበዛ ጥቂት ሰከንድ ያየዋል እንጂ አይመለስበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙሉና ትሑት፣ ሁለተኛው አጭርና ጎላ ያለ መሆን አለበት። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ለመወጣት የሞከረ ሰው ለወዳጁ የጯኸ፣ ለመንገደኛው ደግሞ ያንሾካሾከ ይሆናል።

በመጀመሪያ የጥሪውን ወረቀት እንመልከት። ከመጻፋችን በፊት ስንት ሰው እንደሚጠራ ማስላት ነበረብን። አዳራሹ ስምንት ሜትር በአሥራ አምስት፣ ማለትም 120 ካሬ ሜትር ነው። ነገር ግን ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ሶፋውና አልጋው፣ ብፌውና የምግብ ጠረጴዛው ይዞታል። ሰው የሚቆምበት 40 ካሬ ሜትር ብቻ ቀረ። በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ተኩል ሰው ብንል ስድሳ ሰው ይሆናል። ባልንጀራዬ ሁለት መቶ ሰው ለመጥራት አስቦ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ቢመጣ ግማሹ በደጅ ቆሞ ይመለሳል፤ የገባውም ዕቃውን ሳይሆን የፊተኛውን ሰው ጀርባ አይቶ ይሄዳል። ይልቁንም አዲስ ሶፋ ላይ ሰው ተጨናንቆ ሲቀመጥበትና ሻይ ሲፈስበት ማሰብ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን ለሁለት ከፈልነው። ስድሳዎቹ ተጋባዦች ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል እንዲመጡ፣ ለሕዝቡ ደግሞ በዚያው ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ እንዲከፈት አደረግን። የመንግሥት ሠራተኛው ቅዳሜ ዕረፍት ስለሆነ ቀኑ ተስማሚ ነው። የጠዋቱ ሰዓት በጥሪው ወረቀት ላይ ብቻ፣ የቀትሩ ሰዓት በግድግዳው ማስታወቂያ ላይ ብቻ ይጻፋል። ሁለቱን ሰዓት በሁለቱም ላይ የጻፈ ሰው እንግዳውንና ገበያተኛውን በአንድ በር ላይ ያጋፋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ቃሉ መጣን። ባልንጀራዬ የጻፈው ዓረፍተ ነገር «እንድትገኙልን በአክብሮት ጋብዘንዎታል» የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፤ ጉድለቱን አያችሁት? «እንድትገኙልን» ያለው ለብዙዎች፣ ለእናንተ ነው፤ «ጋብዘንዎታል» ያለው ደግሞ ለአንድ የተከበረ ሰው፣ ለእርስዎ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ተጠሪ ገባበት ማለት ነው። ለአንድ ሰው ከሆነ «እንዲገኙልን ጋብዘንዎታል»፣ ለብዙ ከሆነ «እንድትገኙልን ጋብዘናችኋል» ይባላል። ይህ ጉድለት በየሠርጉ ጥሪ ላይ ሁሉ ይታያል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ከአሮጌ ጥሪ ግማሹን፣ ከሌላው ግማሹን በመቅዳት ነው። እንደዚሁም «ለአቶ» የሚለውን ቃል አስቀድሞ በሁሉም ላይ ማሳተም ደግ አይደለም፤ ወይዘሮዋ ስትቀበለው ታዝናለች። «ለ» ብሎ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ባዶ መተውና ማዕረጉን ከስሙ ጋር በእጅ መጻፍ ይሻላል።

እነሆ፤ አርመን ያወጣነው ጽሑፍ ይህ ነው።

«ለ………………

በጉርድ ሾላ ያቋቋምነው የቤት ዕቃ ማሳያና መሸጫ አዳራሽ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ይከፈታል። በዚሁ ዕለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል በአዳራሹ ተገኝተው በእጃችን የሠራናቸውን ዕቃዎች እንዲጎበኙልንና ሻይ ቡና አብረውን እንዲጠጡ በአክብሮት ጋብዘንዎታል።

አዳራሹ ከመገናኛ ወደ ሲ.ኤም.ሲ. በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከጉርድ ሾላ የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው ሕንጻ፣ ከዋናው በር እንደገቡ በስተቀኝ፣ ደረጃ ሳይወጡ ይገኛል።

መምጣትዎን እስከ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን በዚህ ስልክ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል።»

ከታች የባለቤቱ ስምና ስልክ ይከተላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጋባዡ፣ ምክንያቱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና መልሱ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ተነግረዋል። «ደረጃ ሳይወጡ» ያልነው በከንቱ አይደለም። በመጀመሪያው ረቂቅ «ምድር ቤት» ተብሎ ነበር፤ ይህን ቃል ግን አንዱ ሰው ከመንገዱ ጋር እኩል ያለውን ቤት፣ ሌላው ከመሬት በታች ያለውን ይለዋል። እንደዚሁም ረቂቁ «ከዳቦ ቤቱ ጎን» ይል ነበር። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ስንት የምናውቀው ምልክት ከቦታው ተነሥቷል! ያ ዳቦ ቤትም ከተነሣ ቆይቶ ነበር፤ የሚያስታውሱት የሠፈሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። ምልክት ስትሰጡ ዛሬ ቆሞ የሚታየውን፣ ለሩቅ ሰውም የማይጠፋውን ስጡ።

አሁን ወደ ግድግዳው ማስታወቂያ እንለፍ። ባልንጀራዬ ያሠራው ንድፍ አሥራ ሁለት ሥዕል፣ ዘጠና ያህል ቃልና አራት ዓይነት ቀለም ነበረበት። ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው የድርጅቱ ስም ነው። እኔም፣ «ይህን ስም እስከ ዛሬ ከእናትህና ከእኔ በቀር ማን ያውቀዋል?» አልሁት። መንገደኛው የማያውቀውን ስም አይቶ አይቆምም፤ አልጋ ለመግዛት ያሰበ ሰው ግን «የቤት ዕቃ» የሚለውን ቃል ሲያይ ይቆማል። ባልንጀራዬ ትንሽ አኮረፈና፣ «ታዲያ ስሜ ይጥፋ?» አለ። አይጠፋም፤ ከአድራሻው በላይ በሁለተኛ ደረጃ መጠን ይቀመጣል በማለት ታረቅን።

ስለ መጠን ከተነሣ ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል። በሙያው የተለመደው መለኪያ፣ ፊደሉ ከሦስት ሜትር ርቀት ሳይቸግር እንዲነበብ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኑረው የሚል ነው። ከስድስት ሜትር እንዲነበብ ከተፈለገ አምስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የእኛ ወረቀት ወርዱ 42፣ ቁመቱ 59 ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ስንተው 38 ቀረን። የእኛ ፊደል ወርዱ ከቁመቱ ጋር ተቀራራቢ ነውና በአምስት ሳንቲ ሜትር ፊደል በአንድ መስመር ከሰባት የሚበልጥ አይገባም። «የቤት ዕቃ» አምስት ፊደልና አንድ ባዶ ቦታ ስለሆነ በደንብ ይገባል። «ታላቅ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት» ግን አይገባም፤ እንግባ ቢልም ፊደሉን ማቅጠን ግድ ይሆናል።

ፊደልን ማቅጠንና ማወፈር ደግሞ በእኛ ጽሑፍ ላይ ልዩ አደጋ አለው። በላቲን ፊደል አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ስለሆነ ቃሉ በመልኩ ይታወቃል። የእኛ ፊደል ግን ሁሉም ተቀራራቢ ቁመት አለው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየውም ትንሽ ጭረት ወይም ትንሽ ቀለበት ናት። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት ከእግራቸው ባለችው ነገር ብቻ ነው። ፊደሉ ከመጠን በላይ ሲወፍር የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ይሞላና ከሩቅ «የቤት» የሚለው «የቢት» ይመስላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ንድፉን በትክክለኛው መጠን አንድ ቅጂ አሳትማችሁ በግድግዳ ላይ ለጥፉትና ስምንት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ከዚያም ስለ ነገሩ የማያውቅ ሰው ጠርታችሁ አስነብቡት። እርሱ የተደናገረበትን ቃል አስተካክሉ። ጸሐፊው ራሱ ቢያነበው ምንም አይጠቅምም፤ የጻፈውን ስለሚያውቅ የሌለውንም ያያልና።

ሥዕሉን ከአሥራ ሁለት ወደ አንድ አወረድነው። የቀረውም እርሱ ራሱ የሠራው የዋንዛ ቁም ሣጥን ፎቶግራፍ ነው። ቀድሞ የነበሩት አብዛኞቹ ከውጭ አገር የዕቃ መጽሔት የተወሰዱ፣ በአዳራሹ ውስጥ የሌሉ ሶፋዎች ነበሩ። «ያምራሉ እኮ!» አለኝ። ያምራሉ፤ ነገር ግን ያን ሶፋ አይቶ የመጣ ሰው ሶፋውን ሲያጣ ቁም ሣጥኑን ለማየት ልብ አይኖረውም።

በዚህ ላይ ሁለት ክርክር ገጠመን። አንደኛው «መቶ በመቶ ዋንዛ» የሚለው ቃል ነበር። «ጀርባውስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጀርባው ኮምፔንሳቶ ነው። በሩና ጎኑ ዋንዛ፣ ጀርባው ኮምፔንሳቶ መሆኑ ነውር አይደለም፤ ቁም ሣጥኑን ያቀለዋል፣ ዋጋውንም ያወርደዋል። ነውሩ ሌላ ብሎ መጻፍ ነው። ስለዚህ «በሩና ጎኑ ዋንዛ» ብለን ጻፍን። ሁለተኛው «50 በመቶ ቅናሽ» የሚለው ነበር። አልጋውን በ30,000 ብር ለመሸጥ አስቧል፤ በማስታወቂያው ላይ ግን 60,000 ተጽፎ ተሰርዟል። እኔም፣ «በ60,000 ለማን ሸጥህ?» አልሁት። ሱቁ ገና አልተከፈተም። ትናንት ያልነበረ ሱቅ የትናንት ዋጋ ሊኖረው አይችልም፤ እንግዲህ ከምን ላይ ተቀነሰ? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አዋጁም ባይኖር ገዢው አጠገብ ካለው ሱቅ ዋጋ ጠይቆ እውነቱን ያገኘዋል። ስለዚህ «አልጋ 30,000 ብር፤ እስከ ጥቅምት 30 ቀን» ብለን ተውነው። ቁጥሩ እውነት፣ ቀኑም የተወሰነ ነው። ባልንጀራዬ ከዚያ በኋላ ዋጋውን ቢጨምር ማንም አይወቅሰውም።

በመጨረሻ በማስታወቂያው ላይ የቀረው ይህ ነበር፦

«የቤት ዕቃ
አዲስ መሸጫ ይከፈታል
ቅዳሜ ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ
ቁም ሣጥን፤ በሩና ጎኑ ዋንዛ
አልጋ 30,000 ብር፤ እስከ ጥቅምት 30 ቀን
ጉርድ ሾላ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት»

ከእነዚህ ጋር የድርጅቱ ስምና ስልኩ ብቻ ተጨመሩ።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ይህን ሁሉ ካረምን በኋላ ማተሚያ ቤቱ የመጨረሻውን ናሙና ላከልን። እኔም እንደ ልማዴ «ዕቃ» በዐይኑ ዐ፣ «ሥራ» በንጉሡ ሠ መጻፉን እያየሁ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድም የፊደል ግድፈት አልነበረበትም። በዚያ ጊዜ የባልንጀራዬ እናት ቡና ያፈሉ ነበር። ልጃቸው ናሙናውን ከፍ ባለ ድምፅ ሲያነብላቸው ጀበናውን አስቀመጡና፣ «ቅዳሜ ጥቅምት ስንት አልክ?» አሉ። «25» አላቸው። «መርቆሬዎስ መቼ ነው ቅዳሜ የሚውለው? መርቆሬዎስ ማክሰኞ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ሳምንት ቂርቆስ ነው» አሉት። ወደ እኔም ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ አንተስ አስተማሪ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። ምን እመልሳለሁ? «እማማ፣ እኔ ፊደሉን ብቻ ነበር የማየው» ብዬ አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ቅዳሜ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 15፣ በአውሮፓውያኑ ደግሞ ኦክቶበር 25 ቀን 2025 ነበር። ማተሚያ ቤት ያለው ንድፍ ሠሪ ቀኑን በስልኩ ላይ ባለው የፈረንጅ ካሌንደር ሲያመሳክር 25 የሚለውን አየና የእኛን ወር ስም ትቶ ቁጥሩን ብቻ ለወጠ። ሦስት መቶ ቅጂ እንደዚያ ቢታተም ኖሮ ግማሹ ሰው ቀኑን፣ ግማሹ ቁጥሩን አምኖ አሥር ቀን በተራራቀ ጊዜ ይመጣ ነበር።

እማማ በወር በዓላት የቆጠሩትን እኛም በሒሳብ ልንቆጥረው እንችላለን። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ የእያንዳንዱ ወር መባቻ ካለፈው ወር መባቻ ሁለት ዕለት ይገፋል። የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ፤ ስለዚህ ጥቅምት 1 ቅዳሜ ነው። ቅዳሜዎቹም 1፣ 8፣ 15፣ 22 እና 29 ናቸው። 25 በዚያ ውስጥ የለም። የመስከረም 1ን ዕለት የሚያውቅ ሰው እስከ ነሐሴ ድረስ የትኛውንም ቀን እንዲሁ መፈተን ይችላል። ዕለቱንና ቁጥሩን ሁለቱንም የምንጽፈውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል።

በሰዓቱም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። በጥሪው ወረቀት ጀርባ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበረና ንድፍ ሠሪው የእኛን 3 ሰዓት እንዳለ ወደዚያ ገልብጦት ነበር። የእንግሊዝኛውን ብቻ የሚያነብ እንግዳ ከሰዓት በኋላ 3 ብሎ ተረድቶት፣ ማለትም በእኛ 9 ሰዓት ላይ ይመጣና ሁሉ ነገር ካበቃ በኋላ ይደርስ ነበር። ትክክለኛው የጠዋት 9 ነው። በአማርኛውም ቢሆን «3 ሰዓት» ብቻ አይበቃም፤ «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» የሚል ቃል ሊቀድመው ይገባል።

የቀረው ጥቂት ነው። የታተመውን የስልክ ቁጥር ከወረቀቱ ላይ እያያችሁ ራሳችሁ ደውሉበት፤ የባለቤቱ ስልክ ካልጮኸ ቁጥሩ ተሳስቷል። ለማተሚያ ቤትም ጽሑፉን የምትልኩት ፊደሉ በማይለወጥበት መልክ፣ በፒ.ዲ.ኤፍ. ይሁን፤ አለዚያ እዚያ ያለው ኮምፒዩተር የእናንተን ፊደል ሲያጣ በምትኩ ባዶ አራት ማዕዘን ያወጣል። ጀርባው ቀለም የተቀባ ማስታወቂያ ከሆነ ቀለሙ ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይለፍ፤ ሲቆረጥ ነጭ መስመር እንዳይቀር ነው። ስትለጥፉም የግድግዳውን ባለቤት አስፈቅዱ፤ ቀኑ ሲያልፍ አንሡት።

ቅዳሜ በቂርቆስ ዕለት ከስድሳዎቹ ተጋባዦች አርባ ሰባቱ መጡ። ከቀትር በኋላም በማስታወቂያው የሰሙ ሰዎች ገቡ። ከእነርሱ መካከል አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ቀጥታ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደው መሳቢያውን ሳቡ፤ በሩን በጣታቸው ቆረቆሩ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ጀርባውን ተመለከቱ። ባልንጀራዬ ትንፋሹን ይዞ ቆሞ ነበር። ሰውየውም ቀና ብለው፣ «በሩና ጎኑ ዋንዛ ብላችሁ ጽፋችኋል፤ እንደ ጻፋችሁት ነው» አሉና ዋጋውን ጠየቁ።